በአሥራ አንድ ረድፍ ውስጥ የጠፋው አንድ ሺህ ብር

«ጋሼ፣ የባንኩ ደብተር 5,050 ብር ይላል፤ ኮምፒውተሩ 4,050 ነው የሚለኝ። ሁለት ሰው የከፈለው ሳይመዘገብ ቀርቶ ይሆን?»

ከመልእክቱ ሥር አንድ ስክሪንሾት ተያይዟል። ላኪዋ የአንድ አነስተኛ የቁጠባ ማኅበር ሒሳብ የምትይዝ ወጣት ናት። አባላቱ በየወሩ 500 ብር ይቆጥባሉ። ዳታቤዙ ሁለት ሠንጠረዦች አሉት፤ አንዱ አባላቱን፣ ሌላው ክፍያዎቹን ይይዛል። እሷ ሁለቱን አገናኝታ ጥያቄ ጻፈች፣ መልሱ በስክሪኑ ላይ ወጣ፣ ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ላከችልኝ። እንዲህ ያለ ፎቶ ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል። ስሞቹንና ቁጥሮቹን ለዚህ ጽሑፍ ቀይሬያቸዋለሁ፤ የስሕተቶቹ ዓይነት ግን በየቀኑ የማየው ነው።

ከፎቶው አናት ላይ ጥያቄው ይታያል፦

```sql
SELECT m.member_id, p.pay_id, p.paid_on,
       p.amount, m.name
FROM members m
LEFT JOIN payments p
  ON p.member_id = m.member_id
ORDER BY m.member_id;
```

ከሥሩ መልሱ ይከተላል፦

```
 member_id | pay_id |  paid_on   | amount | name
-----------+--------+------------+--------+------
      1041 |   7001 | 2024-01-12 | 500.00 | አልማዝ
      1042 |   7002 | 2024-01-12 | 500.00 | በቀለ
      1043 |   7003 | 2024-01-13 | 500.00 | ሰናይት
      1043 |   7011 | 2024-01-15 | 500.00 | ሰናይት
      1044 |        |            |        | ደረጀ
      1045 |   7004 | 2024-01-13 |        | ሐና
      1046 |   7005 | 2016-05-05 | 500.00 | ተስፋዬ
      1047 |   7006 | 2024-01-14 | 500.00 | መሠረት
      1047 |   7006 | 2024-01-14 | 500.00 | መሠረት
      1048 |   7007 | 2024-01-14 |  50.00 | ጌታቸው
      1049 |   7008 | 2024-01-15 | 500.00 | ሠናይት
(11 rows)
```

እስቲ አንባቢም ከዚህ በታች ያለውን ከማንበቡ በፊት ሠንጠረዡን አንድ ደቂቃ ይመልከተው።

አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ደብዳቤ ወደ ጎን ያነባል፤ አልማዝ፣ ቁጥሯ ይኼ፣ የከፈለችው ይኼ፣ ቀጥሎ በቀለ። እንዲህ ሲነበብ እያንዳንዱ ረድፍ ለብቻው ጤነኛ መስሎ ያልፋል። እኔ አንድ ወረቀት እጠቀማለሁ። ስክሪኑ ላይ አስደግፌ አንዱን ዓምድ ብቻ ገልጬ ከላይ እስከ ታች አየዋለሁ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ዓምድ አንሸራትተዋለሁ። በአንድ ዓምድ ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ስለሆነ ከወንድሞቹ የተለየው ቶሎ ዐይን ይወጋል። ይህ ፎቶ የተነሣው ፒኤስኪውኤል ከሚባለው የፖስትግሬስ መስኮት ነው። እሱ ደግሞ ቁጥሮችን ወደ ቀኝ አስጠግቶ ስለሚጽፍ አጠር ያለ ቁጥር በግራው በኩል ክፍተት ይተዋል። የጌታቸው 50.00 ከማንበባችሁ በፊት በቅርጿ ብቻ ወጣ ብላ የምትታየው ለዚህ ነው።

ከመጀመሪያው ዓምድ እንነሣ። ቁልፍ የሚባለው አንድን ነገር ከሌላው የሚለየው ቁጥር ነው፤ ሁለት አባላት አንድ ቁጥር ሊኖራቸው አይገባም። ወረቀቱን ይዘን ስንወርድ 1043 ሁለት ጊዜ፣ 1047ም ሁለት ጊዜ እናገኛለን። ሁለቱ የሚመሳሰሉት ግን በመጀመሪያው ዓምድ ብቻ ነው።

ይህን ለመለየት «እዚህ መልስ ውስጥ አንድ ረድፍ የሚወክለው ምንን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥያቄው አባላትን ከክፍያዎቻቸው ጋር ስላገናኘ አንዱ ረድፍ አንድ ክፍያን ነው የሚወክለው። ስለዚህ መደገም የሌለበት የአባሉ ቁጥር ሳይሆን የክፍያው ቁጥር፣ `pay_id` ነው። ሰናይት ሁለት ጊዜ የታየችው በ7003 እና በ7011፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ስለከፈለች ነው። የሚቀጥለውን ወር አስቀድማ ከፍላ ይሆናል። ያም ሆነ ይህ የእሷ ረድፎች ሁለት ክፍያዎች ናቸው። በመሠረት በኩል ግን 7006 ራሱ ተደግሟል፤ ቀኑም ብሩም አንድ ነው። አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል ማለት ነው።

ታዲያ ከየት መጣ? ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው፣ በክፍያዎቹ ሠንጠረዥ ውስጥ 7006 በእውነት ሁለት ጊዜ ገብቶ ሊሆን ይችላል። `pay_id` በሠንጠረዡ ላይ `PRIMARY KEY` ተብሎ ከተደነገገ ግን ዳታቤዙ ሁለተኛውን አልቀበልም ስለሚል ይህ መንገድ ዝግ ነው። ሁለተኛውና እኔ አዘውትሬ የማገኘው፣ በአባላቱ ሠንጠረዥ ውስጥ 1047 ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ መገኘቱ ነው። አባላቱ ከኤክሴል ፋይል ሲገለበጡ ቁልፉ ሳይደነገግ ከቀረ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይገባል፣ ማንም አይከለክለውም። ከዚያ `JOIN` ሥራውን ሲሠራ እያንዳንዱን ክፍያ ቁጥሩ ከገጠመው የአባል ረድፍ ሁሉ ጋር ያጋባል። መሠረት ሁለት ረድፍ ካላት አንዱ ክፍያዋ ሁለት ይሆናል፤ ሦስት ክፍያ ቢኖራት ስድስት ይሆን ነበር። መለያውም ከዚሁ ይገኛል። መሠረት ብዙ ክፍያ ኖሯት ሁሉም እጥፍ ሆነው ቢታዩ ጥፋቱ ከአባላት ሠንጠረዥ ነው፤ አንዱ ብቻ ቢደገም ከክፍያዎቹ ሠንጠረዥ ነው። እዚህ ፎቶ ላይ ያላት አንድ ክፍያ ብቻ ስለሆነ ፎቶው ራሱ አይፈርድልንም። የሚፈርደው ይህ ነው፦

```sql
SELECT member_id, COUNT(*)
FROM members
GROUP BY member_id
HAVING COUNT(*) > 1;
```

1047 እዚህ ላይ ከወጣ ምንጩ ተገኘ። ብዙ ሰው ግን ከዚህ ይልቅ ጥያቄው ላይ `DISTINCT` ጨምሮ ድግግሞሹን ያጠፋዋል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ፎቶው ያምራል፤ የተደገመው አባል ግን ሠንጠረዡ ውስጥ እንዳለ ነው፣ ነገ በሌላ ሪፖርት ድምሩን መልሶ ያበላሻል። የባሰም አለ። ጥያቄው የክፍያውን ቁጥር ባያወጣና አንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለት እኩል ክፍያ ቢከፍል፣ `DISTINCT` እውነተኛውን ክፍያ እንደ ድግግሞሽ ቆጥሮ ይውጠዋል።

አሁን ወደ ባዶዎቹ እንሂድ። ዳታቤዝ ውስጥ `NULL` የሚባለው «እዚህ ቦታ ላይ ዋጋ የለም» የሚል ምልክት ነው፤ ዜሮ ብር ማለት አይደለም። ፒኤስኪውኤል ካልታዘዘ በቀር `NULL`ን እንዲሁ ባዶ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ሌሎች መሣሪያዎች ቃሉን ራሱን ይጽፉታል፤ ዲቢቨር ለምሳሌ በቅንፍ ከትቶ `[NULL]` ይላል። በዚህኛው መስኮት የስም ዓምድ ባዶ ቢሆን ኖሮ እውነተኛ `NULL` ይሁን ምንም ፊደል የሌለበት ጽሑፍ በዐይን መለየት አይቻልም ነበር። የብር፣ የቀንና የቁጥር ዓምዶች ግን ባዶ ጽሑፍ መያዝ ስለማይችሉ እዚያ ላይ ባዶ ካየን ያለጥርጥር `NULL` ነው።

ፎቶው ላይ ባዶ ያለባቸው ረድፎች ሁለት ናቸው፣ የደረጀና የሐና። እዚህ ላይ የባዶውን ቅርጽ ማየት ነው። ደረጀ ጋ ከክፍያዎቹ ሠንጠረዥ የመጡት ሦስቱም ዓምዶች አንድ ላይ ባዶ ናቸው። ይህ የ`LEFT JOIN` ፊርማ ነው። አባሉን አገኘ፣ የሚያጋባው ክፍያ አጣ፣ የቀኙን ጎን በሙሉ ባዶ ተወው። ደረጀ በዚህ ሠንጠረዥ መሠረት አልከፈለም፤ ረድፉ የሚናገረው ይህንኑ ስለሆነ የሚታረም ነገር የለውም። ሐና ጋ ግን የክፍያ ቁጥር አለ፣ ቀን አለ፣ ብሩ ብቻ ጠፍቷል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መዝግቦ መጠኑን ሳይጽፍ አልፏል። የደረጀ ባዶ ያልተፈጸመ ነገር ነው፣ የሐና ባዶ ተፈጽሞ በግማሽ የተጻፈ ነገር ነው።

ሁለቱን አንድ አድርጎ ባዶውን በዜሮ መሙላት ሐናን ያልከፈለች ያደርጋታል። እንዳለ መተውም የራሱ ጣጣ አለው። `COUNT(*)` አሥራ አንድ ሲል `COUNT(amount)` ዘጠኝ ይላል። አማካዩን ብትጠይቁት 4,050ን ለዘጠኝ አካፍሎ 450 ይሰጣችኋል፣ የአሥራ አንዱም አማካይ ይመስላችኋል። «500 ያልከፈሉትን አምጣ» ብላችሁ `WHERE amount <> 500` ብትጽፉ ደግሞ ጌታቸው ብቻውን ይመጣል። ሐናና ደረጀ አይመጡም፤ ያልታወቀ ነገር ከ500 ይለያል ብሎ ዳታቤዙ አይመሰክርምና።

የቀኑ ዓምድ ላይ ወረቀቱን ስናወርድ ሁሉም 2024 ሲል ተስፋዬ ጋ 2016 ይመጣል። ሌላ አገር ያለ ሰው ስምንት ዓመት የቀደመ ክፍያ ብሎ ይጨነቅበት ይሆናል። እኛ ግን 2016 ምን እንደሆነ እናውቃለን። መዝጋቢው ጥር 5 ቀን 2016ን በራሱ ዘመን አቆጣጠር ጽፎታል። ጥር 5 ቀን 2016 በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 14 ቀን 2024 ነው። ይህ ግምት ብቻ እንዳይሆን ጎረቤቶቹን እንይ። የክፍያ ቁጥሮቹ በተራ የሚሰጡ ናቸው። የተስፋዬ 7005 ነው፤ 7004 የተመዘገበው በ13፣ 7006 የተመዘገበው በ14 ነው። በመካከላቸው ያለው በ14 ቢሆን ልክ ይገጥማል።

ዳታቤዙ ለምን ዝም አለ? `2016-05-05` በፈረንጆቹም ያለ ቀን ስለሆነ ነው። ጥቅምት 30 ቢጻፍ ኖሮ ፌብሯሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ስሕተት ብሎ ይመልሰው ነበር፤ ጳጉሜንም ዐሥራ ሦስተኛ ወር ብሎ አይቀበልም። ስለዚህ የተደባለቀው አቆጣጠር በከፊል ይገባል፣ በከፊል ይመለሳል፣ የገባው ደግሞ ጤነኛ ቀን መስሎ ይቀመጣል። ልጅቷ ጥያቄዋ ላይ ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ያለውን ብቻ አምጣ የሚል ቃል ብትጨምር ተስፋዬ ከነ500 ብሩ ከፎቶው ይጠፋ ነበር። ያልታየ ረድፍ ደግሞ ዐይን አይወጋም።

የጌታቸው 50 ብር ጉዳይ አጭር ነው። ከሥርዓቱ የወጣ ነው፣ ግን ከሥርዓት የወጣ ሁሉ ስሕተት አይደለም። አንዲት ዜሮ ተዘልላ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሰውየው ያለውን ከፍሎ ሊሆን ይችላል። ለጊዜው ምልክት አድርገን እንለፈው።

የስም ዓምድ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ሰናይት በ1043፣ ሠናይት በ1049። ለጆሮ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሰ እና ሠ እንደ በ እና ተ የተራራቁ ሁለት ፊደላት ናቸው። ሁለት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ የአባት ስም ፎቶው ላይ ስለሌለ አናውቅም። አንድ ሰው በሁለት አጻጻፍ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ከሆነ ግን ቁልፉ እያንዳንዱን ምዝገባ በተለየ ቁጥር ስለያዘው የቅድሙ `GROUP BY` በጭራሽ አያገኘውም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ አ፣ ዐ፣ ጸ፣ ፀ ባሉበት ስም ሁሉ ይህ ስጋት አለ፤ የሚያገኘውም ስሙን ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ነው።

የቀረው ሊታይ የማይችለው ነው። የክፍያ ቁጥሮቹን በተራ አስቀምጡ፤ ከ7001 እስከ 7008 ሁሉም አሉ፣ ከዚያ 7011። 7009 እና 7010 የት ሄዱ? የቁጥር መዝለል ብቻውን ጥፋት አይደለም። ፖስትግሬስ ለአንድ ምዝገባ ቁጥር ሰጥቶ ምዝገባው ሳይጠናቀቅ ቢቋረጥ ያንን ቁጥር መልሶ አይጠቀምበትም፤ ቀዳዳው ለዘላለም ይኖራል። ሌላም ምክንያት አለ። ጥያቄው የተነሣው ከአባላቱ ነው። አንድ ክፍያ የአባል ቁጥር ሳይጻፍበት ከገባ፣ ወይም በሌለ ቁጥር ከተመዘገበ፣ የሚያጋባው አባል ስለሌለ በዚህ መልስ ውስጥ ጨርሶ ቦታ የለውም። `LEFT JOIN` ክፍያ የሌለውን አባል ያስቀራል፣ አባል የሌለውን ክፍያ ይጥላል። ይህንን ለማየት ጥያቄውን ከሌላው ወገን ማንሣት ያስፈልጋል፦

```sql
SELECT p.*
FROM payments p
LEFT JOIN members m
  ON m.member_id = p.member_id
WHERE m.member_id IS NULL;
```

አሁን ወደ አንድ ሺህ ብሩ እንመለስ። ልጅቷ ልዩነቱን አይታ «ሁለት ሰው ተዘልሏል» አለች፤ ሁለት ጊዜ 500 አንድ ሺህ ነውና ማንም እንዲያ ይላል። ፎቶው ግን ሌላ ታሪክ ይዟል። ከ4,050 ላይ የመሠረት ድግግሞሽ 500 ሲቀነስ 3,550 ይቀራል። ባንኩ 5,050 ስለሚል እውነተኛው ጉድለት አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው። ሐና የተለመደውን 500 ከፍላ ከሆነ 4,050 ይደርሳል። 7009 እና 7010 አባል ያልተጻፈባቸው የ500 ብር ክፍያዎች ከሆኑ ድምሩ ልክ 5,050 ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ደግሞ የጌታቸው 50 ብር ዜሮ የጎደላት አይደለችም፤ 500 ብናደርጋት ድምሩ ከባንኩ በ450 ይበልጣል። በአንድ ሺህ ልዩነት ሥር አንድ ትርፍና ሦስት ጉድለት ተሸፍነው ነበር። ትርፉ ከጉድለቶቹ አንዱን ስለደበቀው ሁለት ብቻ መሰሉ። ጉድለቱ አንድ ቢሆን ኖሮ ከትርፉ ጋር ተጣፍቶ ሒሳቡ ከባንኩ ጋር ይስማማ ነበር፣ እሷም ፎቶ አትልክልኝም ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ገና ጥርጣሬ ነው፣ የድምር መግጠም ማስረጃ አይሆንም። ፎቶ በራሱ ብዙ ይደብቃል። መጀመሪያ ያደረግሁት ከግርጌ ያለውን `(11 rows)` አይቼ ረድፎቹን በጣቴ መቁጠር ነው። ቁጥሩ ባይገጥም ወይም ያ መስመር ከፎቶው ላይ ተቆርጦ ቢሆን ወደ ሌላው ነገር አልገባም ነበር። አንዳንድ መሣሪያዎች ካልተነገራቸው በቀር መጀመሪያ የሚያመጡት የተወሰነ ረድፍ ብቻ ነው፤ ዲቢቨር ሁለት መቶ፣ ማይኤስኪውኤል ወርክቤንች አንድ ሺህ። ድግግሞሾቹ ጎን ለጎን የተቀመጡትም ጥያቄው `ORDER BY` ስላለው ነው፤ ባይኖረው በሺህ ረድፍ መካከል ተበትነው ዐይን አያገኛቸውም። ከስም ኋላ የተረሳ ባዶ ቦታ ፎቶ ላይ አይታይም፣ ለኮምፒውተሩ ግን ስሙን ሌላ ያደርገዋል። ቴሌግራም ፎቶ ሲልክ ስለሚያጨምቀው ትንንሽ ቁጥሮች ይደበዝዛሉ፤ 7001 እና 7007፣ 3 እና 8 መለየት ያስቸግራል። እንደ ፋይል ሲላክ ይህ አይደርስበትም።

እናም እንዲህ ብዬ መለስኩላት። «ሁለት ሰው ብለሽ እንዳትጨምሪ። ሁለት ጥያቄ ልኬልሻለሁ፣ አስኪጂና ውጤቱን በፋይል ላኪልኝ፤ ስልክ ቁጥር ያለበት ዓምድ አብሮ እንዳይመጣ። የሐናን ደረሰኝ ፈልጊ። ተስፋዬን የመዘገበው ማን እንደሆነ ጠይቂ፣ ሌላም ቀን በእኛ አቆጣጠር አስገብቶ ይሆናል። ሁለቱን ሰናይቶች ደውለሽ የአባት ስም አረጋግጪ። የጌታቸውን 50 ብር ደረሰኙን ሳታዪ አትንኪያት።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ፋይል መጣ። አንድ ረድፍ ብቻ አለው፦ 1047፣ 2።